ዕቃ ስትመልሱ የመላኪያውን ማን ይከፍላል? የፖስታ ቤቱ ደረሰኝስ ለምን አይጣልም?

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ያዘዛችሁት ዕቃ ጎንደር ደረሰ እንበል። ካርቶኑን ስትከፍቱት ዕቃው ተበላሽቷል፣ ወይም ያዘዛችሁት አይደለም። ለሻጩ ደወላችሁ። ሻጩም ሳያንገራግር «ችግር የለም፣ መልሱልኝ» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለውና ዕቃውን ጠቅልሎ ይልካል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመላኪያውን ማን ይችለዋል? ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋስ? «አልደረሰኝም» ቢላችሁ ምን ታሳያላችሁ?

ይህ መመሪያ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ዕቃ የተጻፈ ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚመልሱ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጥቂት ነገር አለ።

መጀመሪያ፦ ለምን እንደምትመልሱ ለዩ

የመላኪያውን ማን እንደሚከፍል የሚወስነው ዕቃው የሚመለስበት ምክንያት ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ከመጣ፣ ከተዋዋላችሁት የተለየ ከሆነ ወይም ሻጩ ተሳስቶ ሌላ ዕቃ ከላከ ጥፋቱ የሻጩ ነው። ወጪውም የእሱ መሆን አለበት። ዕቃው ደህና ሆኖ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ግን ወጪው የእናንተ ነው። ሻጩ መልሶ መቀበሉ ራሱ ውለታ ነው። ቀለሙ ፎቶው ላይ ደመቅ ብሎ ነበር፣ ቤት ውስጥ ሲታይ አልወደድኩትም የሚለውም ከዚህኛው ይመደባል።

የሚያከራክረው መሃል ላይ ያለው ነው። ጫማ 40 ቁጥር አዛችሁ 40 መጣ፣ ግን ጠበባችሁ። ይህ የእናንተ ነው። 40 አዛችሁ 39 ከመጣ የሻጩ ነው። ሻጩ «ቁጥሩ ሰፋ ያለ ስለሆነ 39 ይበቃሻል» ብሎ መክሮሽ ከነበረና እሷም ከጠበበችሽ፣ ያ ምክር የተጻፈበት መልእክት ገንዘብ ያወጣል። መልእክቱን አታጥፊው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ ያለችው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለው ማኅተም ለተበላሸ ዕቃ አታስፈራችሁ። ደህናውን ዕቃ ሐሳቡን ቀይሮ ለሚመልስ ሰው ግን ትሠራለች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ነው፤ ጎንደር ከደረሰላችሁ ቀን አይደለም። ዕቃው መንገድ ላይ ሦስት አራት ቀን ከቆየ ያ ከእናንተ ላይ ይሄዳል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞንማ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው በደረሰ ዕለት ክፈቱት፣ ሞክሩት። «ለበዓል እከፍተዋለሁ» ብሎ አልጋ ሥር ማስቀመጥ መብትን ማሳለፍ ነው።

ከመላካችሁ በፊት፦ በጽሑፍ ተስማሙ

ስልክ አትደውሉ አልልም። ደውሉ፣ ተነጋገሩ። ስልኩ ሲዘጋ ግን የተነጋገራችሁትን በጽሑፍ ላኩለት። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጥር 2 የገዛሁት የእንፋሎት ካውያ ጥር 5 ደርሶኛል። ስሞክረው ከሥሩ ውኃ ያፈሳል፣ አይግልም። ቪዲዮውን ልኬያለሁ። አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው በፖስታ እመልሳለሁ፤ የመመለሻውን ሂሳብ እርስዎ ይሸፍናሉ። የሚላክበትን ሙሉ ስም፣ ስልክና አድራሻ እዚሁ ይጻፉልኝ።»

ይህች መልእክት ሦስት ሥራ ትሠራለች። በ15 ቀኑ ውስጥ መጠየቃችሁን ታስመዘግባለች። ማን እንደሚከፍል ታስራለች። አድራሻውንም ከራሱ ከሻጩ እጅ ታስጽፋለች። የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን ሻጩ «እኔ በዚያ ስም አልቀበልም፣ ሱቁ ተቀይሯል» ሲል የምትመልሱለት በእሷ ነው።

አከፋፈሉ ላይም ቁርጥ ያለ ነገር ያዙ። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ሻጩ የመላኪያውን አስቀድሞ በቴሌብር መላኩ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ሁለተኛው እናንተ ከፍላችሁ ከዕቃው ዋጋ ጋር አንድ ላይ እንዲመልስላችሁ ነው። ይሄኛው የሚሠራው የከፈላችሁትን ልክ የሚያሳይ ደረሰኝ ካላችሁ ብቻ ነው። ሦስተኛው በአውቶቡስ ልካችሁ «ተቀባይ ይክፈል» ማለት ነው። ሻጩ በጽሑፍ «እከፍላለሁ» ካላለ ይህን አትሞክሩ። መነኻሪያ ሄዶ ሂሳቡን ሲሰማ ትቶት ይመለሳል። ካርቶኑም አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል።

ሻጩ መጀመሪያ ያስከፈላችሁን የመላኪያ ሂሳብም እንዳትረሱት። ጥፋቱ የሱ ከሆነ፣ የመጣበትም የሚመለስበትም ወጪ በእናንተ ላይ መቅረት የለበትም።

ማሸጉ

ከመጠቅለላችሁ በፊት ዕቃውን ፎቶ አንሱት፦ ብልሽቱ ይታይ፣ የሞዴልና የመለያ ቁጥሩ ይታይ። ካርቶኑ ውስጥ ከገባ በኋላም ሳይዘጋ አንድ ፎቶ ጨምሩ። ከዚያ ሳትለጥፉ ፖስታ ቤት ውሰዱት። ውስጡ ምን እንዳለ ሊያዩት ይችላሉ። ቤት ውስጥ በስኮች ጠፍንጎ የሄደ ሰው እዚያው መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ሲቀድ ይታያል። ስልክ፣ ፓወር ባንክና ባትሪ ያለው ነገር ከሆነ ደግሞ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባትሪ በፖስታ ላይ ገደብ አለበት።

መላኩ፦ ደረሰኙ ላይ ምን መኖር አለበት?

ጎንደር ፒያሳ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ሕንፃ ውስጥ ያለው ፖስታ ቤት ገባችሁ እንበል። ተራ ደብዳቤ እንደሚላከው አትላኩት። ተራ መልእክት ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ነገር ደግሞ ሲጠፋ የሚፈለግበት መንገድ የለም። ትንሽ ነገር ከሆነ በአደራ፣ ብዙዎች ሬኮማንዴ በሚሉት፣ ላኩ። ከፍ ያለ ከሆነ በጥቅል ወይም ኢኤምኤስ በሚባለው ፈጣን የፖስታ አገልግሎት ላኩ። ዋጋቸው ይለያያል። ዕቃው ውድ ከሆነ ግን በመላኪያው ላይ የሚቆጠበው ብር ለጭንቀቱ አይበቃም።

ከዚያ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። አራት ነገር ፈልጉበት፦ ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ከተማ፣ ክብደት፣ የመከታተያ ቁጥር። የከፈላችሁት ሂሳብም እርግጥ አብሮ መኖር አለበት።

ከአራቱ ሰው የማያያት ክብደቷን ነው። ሻጩ «ካርቶኑ ባዶ ነው የደረሰኝ» ወይም «ውስጡ ያለው ሌላ ዕቃ ነው» ቢል፣ ፖስታ ቤቱ መዝኖ የጻፈው ቁጥር የእናንተ ምስክር ነው። ካውያው ከነካርቶኑ 2.1 ኪሎ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ባዶ ካርቶን 2 ኪሎ አይመዝንም። ክብደቱ ካልተጻፈ «እባክዎ ክብደቱን ይጻፉልኝ» በሉ። ማንም አይቆጣችሁም።

የመከታተያው ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዓለም አቀፉን የፖስታ አሠራር ይከተላል። ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ከዚያ የአገሩ ሁለት ፊደል ነው። ከኢትዮጵያ ሲላክ እንዲህ ይመስላል፦

```
EE123456785ET
```

በ`E` የሚጀምር ኢኤምኤስ ነው፣ በ`R` የሚጀምር በአደራ የተላከ፣ በ`C` የሚጀምር ጥቅል። የመጨረሻዋ አኃዝ ከፊቷ ካሉት ስምንቱ ተሰልታ የምትወጣ መቆጣጠሪያ ናት። ለዚህ ነው ቁጥሩን ስትገለብጡ አንዷን ብትስቱ ኮምፒውተሩ «የለም» የሚለው። ዕቃው ጠፋ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ደረሰኙን እዚያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ይደበዝዛል። ፀሐይ የሚነካው መኪና ውስጥ ወይም ኪስ ውስጥ ከቆየ በጥቂት ወር ውስጥ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ፎቶውን ለሻጩም ወዲያው ላኩለት፦ «ዛሬ ልኬያለሁ፣ ቁጥሩ ይኸው» ብላችሁ። ዋናው ወረቀት ግን እናንተ ጋ ይቆይ። ብዙውን ጊዜ ለፍለጋ የሚያመለክተው ላኪው ነው፤ ማመልከቻውም በደረሰኙ ነው የሚሄደው። ሻጩ «ኦሪጅናሉን ካርቶኑ ውስጥ ክተችልኝ» ቢል እሺ አትበሉ።

በአውቶቡስ ለሚልክ

በእርግጥ ብዙው የጎንደር ሰው ፖስታ ቤት ሳይሆን መነኻሪያ ነው የሚሄደው። ፈጣን ነው፣ ሰውየውም ይታወቃል። አልቃወምም፤ ግን ሁለቱን መንገዶች አታቀላቅሉ። የዕቃ መቀበያ መስኮት ያለው ድርጅት ጋ ከላካችሁ የሚሰጧችሁ ወረቀት እንደ ፖስታው ደረሰኝ ያገለግላል፤ ከላይ ያልኳቸውን አራቱን አስጽፉበት። በሾፌሩ ወይም በረዳቱ እጅ «አደራ» ብሎ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ማስረጃ የለውም። የግድ ከሆነ የታርጋ ቁጥሩን፣ የረዳቱን ስልክ፣ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ለሻጩ ላኩ፤ እሱም «ተስማምቻለሁ፣ በዚህ ላኪው» ብሎ ይጻፍ። ዕቃው ቢጠፋ መንገዱን የመረጠው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርምና።

ሰዓት ስትጽፉም «ጠዋት 12 ሰዓት» ወይም «ማታ 12 ሰዓት» ብላችሁ ለዩ። ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት 6፡00 ካለና እናንተ በአበሻ 12 ሰዓት ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሁለት ማስረጃ የተጣላ ይመስላል።

አንድ ጉዳይ ከእነ ቀኑ

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የምትሰፋ አንዲት ሴት የእንፋሎት ካውያ በ5,200 ብር ገዛች እንበል። ለማምጫ 250 ብር ጨመረች። ገንዘቡን ጥር 2 ላከች፤ ዕቃው ጥር 5 ደረሰ። ማታውኑ ሰካችው። ውኃው ከሥሩ ይንጠባጠባል፣ ብረቱ ለብ ከማለት አያልፍም። ቪዲዮ አንስታ ጥር 6 ለሻጩ ከላይ ያለውን ዓይነት መልእክት ጻፈችለት። እሱም «እሺ እህቴ፣ ላኪው፣ የመላኪያውን እመልሳለሁ» ብሎ መለሰ።

ቶሎ መላክ ነበረባት። ግን ጎንደር ነው፣ ጥር ነው። የከተራና የጥምቀት ሰሞን ሰው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ነው፤ የሚሰፋውም ልብስ ከአናት በላይ ነው። ፖስታ ቤት የደረሰችው ጥር 13 ነው። 380 ብር ከፍላ ላከች። ደረሰኙ ላይ ጥር 13፣ 2.1 ኪሎ፣ የሻጩ ስምና አዲስ አበባ፣ ቁጥሩም አለ።

ካርቶኑ ሻጩ እጅ የገባው ጥር 18 ነው። ሻጩ ጻፈ፦ «እህቴ፣ 15 ቀኑ እኮ ትናንት አለፈ። ልቀበልሽ አልችልም።»

ቁጥሩ ልክ ነው። ከጥር 2 ሲቆጠር 15ኛው ቀን ጥር 17 ነው። ግን አዋጁ የሚለው ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ ይጠይቅ ነው። እሷ የጠየቀችው ጥር 6 ነው፤ መልእክቱ ቀን አለው። ይህ ብቻ ሊበቃት ይችል ነበር። ሻጩ ግን ቀጠለ፦ «መልእክቱን አይቻለሁ፤ ዕቃውን ግን ካለፈ በኋላ ነው የላክሽው፣ እስከዚያ ስትጠቀሚበት ነበር።» አሁን የምትመልሰው ፖስታ ቤቱ በጻፈው ነው። ዕቃው ጥር 13 ከእጇ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የመንገዱ እንጂ የእሷ አይደለም።

ደረሰኝ ባይኖራትስ? ሻጩ ያለው ማስረጃ አንድ ብቻ ይሆን ነበር፦ ካርቶኑ ጥር 18 ደረሰ። እሷ «ጥር 13 ልኬ ነበር» ብትል ቃል በቃል ነው። 380 ብሩንም ቢሆን «150 ብር ነው የሚያስከፍሉት» ቢላት የምታሳየው አልነበራትም። በደረሰኙ ግን የምትጠይቀው ልክ ነው፦ 5,200 የካውያው፣ 250 የመጣበት፣ 380 የተመለሰበት፤ 5,830 ብር።

ሻጩ ከዚህ በኋላም ዝም ካለ፣ መልእክቶቹን፣ የቴሌብሩን ማረጋገጫና የፖስታ ደረሰኙን አትማ በቀን ተራ ደርድራ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ትሄዳለች። የተደረደረ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ማስተናገድ ለሠራተኛውም ይቀለዋል።

ውጭ አገር ለሚመልስ

ብዙዎቻችን ውጭ ያለ ዘመድ አለን። ለምሳሌ ለንደን ያለች እህታችሁ በኢንተርኔት ከእንግሊዝ ሱቅ የገዛችውን ልትመልስ ነው። እዚያ ሕጉ ዘርዘር ያለ ነው። በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ያለ ምንም ምክንያት፣ ዕቃው በደረሳት በ14 ቀን ውስጥ «ትቼዋለሁ» ማለት ትችላለች። ሱቁ የዕቃውን ዋጋና መጀመሪያ የከፈለችውን መደበኛ የማድረሻ ሂሳብ ይመልሳል። የመመለሻውን ግን እሷ ትከፍላለች፤ ሱቁ አስቀድሞ ይህን ካልነገራት ወይም እኔ እችለዋለሁ ካለ በስተቀር። ዕቃው ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ሱቁ ነው የሚከፍለው።

የመላኪያ ማስረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሱቁ ገንዘቧን ይዞ መቆየት የሚችለው ዕቃው እስኪደርሰው ወይም እሷ መላኳን የሚያሳይ ማስረጃ እስክታቀርብ ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ይሠራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እንግሊዝ ውስጥ ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ለሱቁ በላከች ቀን፣ ሱቁ ገንዘቧን የሚመልስበት የ14 ቀን ጊዜ መቁጠር ይጀምራል።

ከጎንደር ራሳችሁ ወደ ውጭ የምትመልሱ ከሆነ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። የኢኤምኤሱ ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፎቶና ቪዲዮ ልኮ ከዋጋው ላይ ቅናሽ መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ሻጭም ይህን ይመርጣል። ካልሆነና ከላካችሁ፣ በጉምሩክ ቅጹ ላይ «የተመለሰ ዕቃ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ካላደረጋችሁ እዚያ ያለው ጉምሩክ አዲስ የገባ ዕቃ ነው ብሎ ሻጩን ቀረጥ ሊጠይቀው ይችላል። ሻጩም አልቀበልም ሊል ይችላል።

መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ በአደራም ሆነ በጥቅል ወደ ውጭ የተላከን ዕቃ በተላከ በስድስት ወር ውስጥ እንዲፈለግ ማመልከት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ፖስታ ቤቱ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ስድስት ወር ብዙ ይመስላል፤ ሻጩ «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» እያለ ሲያንከባልላችሁ ግን ያልቃል።

ደረሰኙን መቼ ትጥሉታላችሁ?

ዕቃው መድረሱን ስታዩ አይደለም። ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ፣ መላኪያውም ተደምሮ፣ ሒሳባችሁ ውስጥ ሲገባ ነው። በምትኩ ሌላ ዕቃ ከተላከላችሁ ደግሞ አዲሱን አውጥታችሁ፣ ሰክታችሁ፣ መሥራቱን እስክታዩ አቆዩት። አዲሱም ከተበላሸ የመጀመሪያውን መመለሳችሁን የምታሳዩት በዚያው ወረቀት ነው።